ዋይፋዩ ስልክ ላይ እየሠራ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲደክም

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ ሥራዬን ላጣ ነው» አለችኝ። ሥራዋ በኢንተርኔት የሚሠራ የአስተርጓሚነት ሥራ ነው። ውጭ አገር ያለ ሐኪም እንግሊዝኛ ከማይችል አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ጋር ሲገናኝ፣ እሷ ከአዲስ አበባ በጆሮ ማዳመጫዋ መሀል ገብታ ታስተረጉማለች። ባለፈው ወር ግን አንድ ታካሚ መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ሲናገር ድምፁ ተቆረጠባት። ድገሙልኝ አለች፤ ሲደገምም ተቆረጠ። አሠሪዎቿ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠነቀቋት፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው።

ታዲያ እሷ ምን አደረገች? የኢንተርኔት ፓኬጇን ከ10 ሜጋቢት ወደ 25 ሜጋቢት አሳደገች። ወርሃዊ ክፍያው ጨመረ እንጂ መቆራረጡ ቅንጣት አልተሻለም። መቼም ኢንተርኔት ሲያስቸግር አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጠረጥረው መስመሩን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ የድምፅ ጥሪ የሚፈልገው 100 ኪሎቢት በሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው፤ 10 ሜጋቢት የዚያ መቶ እጥፍ ነው። ስለዚህ በጥሪ ላይ ድምፅ ሲቆራረጥ የመስመሩን ስፋት ሳይሆን፣ ከራውተሩ እስከ ኮምፒዩተሩ ያለችውን አጭር መንገድ ቀድሞ መመርመር ይበጃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። የምትሠራው ከዋናው ቤት በስተጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። ራውተሩ ዋናው ቤት ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። በመሀል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ የብረት በርና የቆርቆሮ ጥላ አለ፤ በቀጥታ ቢለካ 12 ሜትር ገደማ ይሆናል። «ጋሼ፣ ስልኬ ግን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ በደንብ ይሠራል እኮ» አለችኝ። ይህ አነጋገሯ ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነበር። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስልኩ በደህና እየያዘ ዴስክቶፑ ከደከመ፣ ሞገዱ ክፍሉ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። የደከመው የኮምፒዩተሩ ጆሮ ነው።

ግምት ብቻ አይበቃምና መለካት ጀመርን። ዊንዶውስ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት (cmd) ከፍተን ይህን ጻፍን፤

```
netsh wlan show interfaces
```

ከሚወጡት መስመሮች ሁለቱን ብቻ ማየት ይበቃል። Signal የሚለው በመቶኛ ሲሆን የእሷ 34% ነበር። Receive rate የሚለው ኮምፒዩተሩና ራውተሩ በዚያች ሰዓት የተስማሙበት ፍጥነት ሲሆን 13 ሜጋቢት ይላል። (በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ላይ የ Location ፈቃድ ከተዘጋ ትእዛዙ እምቢ ሊል ይችላል፤ ከ Settings ውስጥ መክፈት ነው።) ቀጥለን በ ipconfig ትእዛዝ Default Gateway ከሚለው ፊት ያለውን የራውተሩን አድራሻ አገኘንና መቶ ጊዜ አንኳኳነው፤

```
ping -n 100 192.168.1.1
```

ከመቶው ዘጠኙ ጠፉ። መልስ የሰጡትም አንዱ በ3 ሚሊሰከንድ፣ ሌላው በ400 ሚሊሰከንድ የሚመለስ የተዘበራረቀ ነገር ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ መልእክት አይደለም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ሳሎን ደርሶ የተመለሰ ነው። የድምፅ ጥሪ ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ በምታህል ቁራጭ እየከፋፈለ ይልካል። አንዷ ቁራጭ 400 ሚሊሰከንድ ከዘገየች ሰዓቷ አልፏልና ትጣላለች። «በቀን ሁለት ጊዜ» ከሚለው ውስጥ «ሁለት» የምትጠፋው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። በዚህ ሙከራ ራውተሩ በአንድና በሁለት ሚሊሰከንድ ሳያቋርጥ ቢመልስ ኖሮ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለእሷ አይጠቅማትም ነበር። ያን ጊዜ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነውና አዳፕተር መቀየርም ሆነ ኬብል መዘርጋት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቀጥዬ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ። ኮምፒዩተሯ ከቢሮ የወጣ፣ ጠበብ ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ዋይፋይ አብሮት አልተሠራም። ስለዚህ የገዛችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የዩኤስቢ አዳፕተር ነበር። እሷም በኮምፒዩተሩ ጀርባ፣ ወለሉ አጠገብ ተሰክታ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃለች። ፊት ለፊቷ የኮምፒዩተሩ የብረት ሳጥን አለ፤ ከላይ የብረት ጠረጴዛ። ከጎኗ ደግሞ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ላይ ፋይል የምታስቀምጥበት ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ተሰክቷል።

የሃርድ ዲስኩ ነገር ለብዙዎች እንግዳ ስለሚሆን ትንሽ ላብራራ። ዩኤስቢ 3 ሥራ ላይ ሲሆን ከመሰኪያውና ከገመዱ የሚወጣ የሬዲዮ ጫጫታ አለ፤ ጫጫታው ዋይፋይ የሚጠቀምበትን 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያዳርሳል። ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለክቶ አሳትሟል። እንግዲህ ትንሿ አዳፕተር ከሳሎን የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ለማዳመጥ ስትጣጣር፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ሃርድ ዲስኩ ጆሮዋ ላይ ይጮህባታል። የሚታወቅበት ምልክት ቀላል ነው፤ ፋይል ወደ ዲስኩ ሲገለበጥ ኢንተርኔቱ ይሞታል፣ ግልበጣው ሲያልቅ ይነሳል። «ለካ ለዚህ ነው! ጥሪ ላይ ሆኜ ፋይል ሳስቀምጥ ነው የሚብስብኝ» አለች።

ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አዳፕተሯን ጫፉ ላይ ሰክቼ ከጠረጴዛው በላይ፣ በዋናው ቤት በኩል ባለው መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጥኳት፤ ሃርድ ዲስኩንም ነቀልኩ። ያው ትእዛዝ ሲደገም Signal 34% የነበረው 62% ሆነ፤ Receive rate ወደ 39 ወጣ፤ ከመቶ የሚጠፉት ከዘጠኝ ወደ ሁለት ወረዱ። ለአንድ ማራዘሚያ ገመድ ዋጋ ይህ ብዙ ነው። ዜና ለማንበብና ቪዲዮ ለማየት ኮምፒዩተሩን የሚጠቀም ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ቡናዬን ጠጥቼ እሄድ ነበር።

የዩኤስቢ አዳፕተር ጥፋቱ ዩኤስቢ መሆኑ አይደለም። ጥፋቱ ትንሽነቱና የሚሰካበት ቦታ ነው። ጥፍር የምታህለዋ አዳፕተር ውስጥ ያለው አንቴና ከስም ያለፈ አይደለም። ከገዛችሁ ውጭ የሚቆም አንቴና ያለውን፣ ሁለቱንም 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚይዘውን፣ ከተቻለም ከማራዘሚያ ገመድ ጋር የሚሸጠውን ግዙ። ሌላው ጣጣ ድራይቨር ነው፤ በሲዲ ይመጣል፣ የዛሬ ኮምፒዩተር ደግሞ ሲዲ ማንበቢያ የለውም፣ ከኢንተርኔት እንዳታወርዱ ኢንተርኔት የላችሁም። መውጫው በእጃችሁ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኙና ከስልኩ ቅንብር ውስጥ USB tethering የሚለውን ክፈቱ። በብዙዎቹ ስልኮች ላይ ስልኩ ራሱ ከዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ ለኮምፒዩተሩ ያቀብላል፤ ማለትም ስልካችሁ ለጊዜው የዋይፋይ አዳፕተር ሆነ ማለት ነው። ይህ ለድራይቨር ማውረጃ ብቻ ሳይሆን ለምርመራም ይጠቅማል። በስልኩ በኩል ሲሆን ሁሉ ነገር ከተስተካከለ፣ የተሻለ አዳፕተር ወይም ካርድ ብትገዙ እንደሚያዋጣችሁ ሳትገዙ አወቃችሁ።

ሁለት ከመቶ መጥፋቱ ለአስተርጓሚ አሁንም ብዙ ነው። ስለዚህ ካርድ እንሞክር ብዬ ከራሴ ኮምፒዩተር የፈታሁትን አመጣሁ። ካርድ ስንል ሳጥኑ ተከፍቶ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ፒ ሲ አይ ኤክስፕረስ የሚባል መሰኪያ ውስጥ የሚገባው ነው። ትንሹ መሰኪያ ባይኖር ረጅሙም ይቀበለዋል። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፣ የሳጥኑን ብረት ነክቶ የሰውነትን ኤሌክትሪክ ማራገፍ፣ ካርዱን ቀጥ አድርጎ እስኪገባ መጫን፣ በብሎን ማሰር። ሰው የሚሳሳተው ግን ገና ሱቅ ውስጥ ነው። እንደ እሷ ኮምፒዩተር ጠባብ የሆኑት የቢሮ ዴስክቶፖች መደበኛውን ረጅም የካርድ ማሰሪያ ብረት አይቀበሉም፤ ግማሽ ቁመት ያለው ያስፈልጋቸዋል። አንዳንዱ ካርድ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ አይመጣም። እኔ አጭሩን ብረት ከነካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ ስላቆየሁት ተረፍኩ እንጂ ተመልሼ ነበር።

ካርዱ ሲታሰር ሁለቱ አንቴናዎች የት እንደሚውሉ ተመልከቱ። በኮምፒዩተሩ ጀርባ፣ ከሳጥኑና ከግድግዳው መሀል! ማለትም አዳፕተሯ ታፍና የነበረችበት ቦታ ማለት ነው። በትልቅ ዋጋ ካርድ ገዝተው «ምንም ለውጥ የለውም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የደረሰባቸው ይኸው ነው። መፍትሔው አንቴናው በገመድ ተስቦ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበትን ዓይነት ካርድ መግዛት ነው። የእኔ እንዲያ ስለሆነ አንቴናውን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት።

አንድ ጨዋታ ላምጣ። ማዘርቦርዳቸው ላይ ዋይፋይ አብሮ የተሠራላቸው ዴስክቶፖች በጀርባቸው ሁለት ወርቃማ፣ ጥርስ ያላቸው ትናንሽ ጉጦች አሏቸው። እነዚህ የአንቴና ማሰሪያዎች ናቸው። አንቴናዎቹ ግን ካርቶን ውስጥ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ቀርተው፣ ባለቤቱ ዋይፋዩ ደካማ ነው እያለ አዳፕተር ሊገዛ ሲሄድ በዓይኔ ያየሁት ሦስት ጊዜ ነው። ያለ አንቴና ራውተሩ አጠገብ ሲሆን ይሠራል፤ ለዚህ ነው ማንም የማይጠረጥረው። አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የኮምፒዩተራችሁን ጀርባ እዩ።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በካርዱ Signal 74% ደረሰ። በ5 ጊጋኸርዝ ልንሞክር ብንል ግን ሁለቱን ግድግዳ አልፎ የደረሰው እንጥፍጣፊ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ በአንድ ክፍል ውስጥ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ላይ ቶሎ ይሸነፋል። በ2.4 ቀኑን ሙሉ ከመቶ አንድም አልጠፋም። ደስ ብሎን ምሳችንን በላን። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደግመን ስንለካ ግን ከመቶ አራት ጠፋ። Signal ያው 74% ነው! ምን መጣ? ጎረቤት ሁሉ ከሥራ ገብቷል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ እኛ ደግሞ በስልኬ ስቆጥር 19 ዋይፋይ አገኘሁ። ሁሉም በየተራ ነው የሚናገረው፤ ወረፋው ሲረዝም የእሷ ቁራጭ ድምፅ ትዘገያለች። ካርዱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የጎረቤትን ወረፋ ሊያሳጥር አይችልም። የእሷ ሥራ የሚበዛው ደግሞ ማታ፣ አሜሪካ ሲነጋ ነው።

በእኔ ግምት ውሳኔው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የሲግናል ችግር ከሆነ አንቴና ይፈታዋል፤ የወረፋ ችግር ከሆነ ኬብል እንጂ ሌላ አይፈታውም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው እኛ እንዳደረግነው በጠዋትና በማታ ለክቶ ነው።

በማግስቱ ኬብል ገዛን። በግቢው አጥር ተጠግቶ ዞሮ ሲለካ 27 ሜትር ሆነ፤ 35 ሜትር ወሰድን። ካት 5ኢ የሚባለው እስከ 100 ሜትር ድረስ 1000 ሜጋቢት ይሸከማል፤ ስለዚህ ለቤት ከዚያ በላይ ደረጃ ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልግም። መጨነቅ የሚያስፈልገው ስለ ሽቦው ነው። ርካሹ ኬብል ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ ነው። አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉ፤ ነጭ ብር መሰል ነገር ብቅ ካለ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል። እኛም አንዱን ሱቅ በዚህ ምክንያት ትተን ሄደናል።

ኬብሉን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈን በአጥሩ ግርጌ ዘረጋነው። ቱቦው ለፀሐይም ለአይጥም ነው፤ ለቤት ውስጥ የተሠራ ኬብል ፀሐይ ላይ ሲከርም ልባሱ ይሰነጣጠቃል። ወደ ሰርቪስ ቤቱ የሚሄደው የመብራት መስመር በዚያው አጥር ላይ ስለነበር በአንድ ቱቦ አላስገባነውም፤ አንድ ስንዝር አራቅነው፤ መሻገር በነበረበት ቦታም መስቀለኛ አድርገን አሻገርነው።

ጫፉ ላይ አር ጄ 45 የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ራስ ይታሰራል። የሽቦዎቹ ተራ፣ የራሱን ምላስ ወደ ታች አድርጋችሁ ከግራ ስትጀምሩ፣ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙትን ሽቦዎች ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙ ሳያሳልፉ መፍታት፣ የላይኛው ልባስም ራሱ ውስጥ ገብቶ አብሮ እንዲጨመቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሰክተን ኢንተርኔቱ ሠራ። እሷ እልል አለች፤ እኔ ግን በፓወርሼል መስኮት Get-NetAdapter ብዬ ጻፍኩ። LinkSpeed የሚለው 100 Mbps ይላል። ራውተሩም ኮምፒዩተሩም 1000 የሚችሉ ናቸው። 100 ሜጋቢት በአራት ሽቦ ብቻ ይሠራል፤ 1000 ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ጥንድ በደንብ አልነካም ማለት ነው። «ጋሼ፣ ፓኬጄ 25 ሜጋቢት አይደል? 100 መች አነሰኝና» አለችኝ። ትክክል ናት። ዳሩ ግን ዛሬ ያልነካ ጥንድ ማለት ራሱ በደንብ አልታሰረም ማለት ነው፤ ነገ ኬብሉ ሲነካካ ከሚሠሩት አንዱ ሊላቀቅ ይችላል። በራውተሩ በኩል ያለውን ራስ ቆርጬ ስመለከተው ቡናማው ሽቦ ጫፍ ድረስ አልደረሰም። እንደገና አሰርኩት፤ 1 Gbps አለ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ በገባበት ሰዓት፣ 200 ጊዜ አንኳኳን። የጠፋ ዜሮ፤ መልሱ ሁሉ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች። ከዚያ ወዲያ 8.8.8.8 ን ብናንኳኳ አንዳንዴ ይዘገያል፤ እሱ ግን የመስመሩ ጉዳይ ነው፤ ኬብላችን ምንም አያደርገውም።

ለሁሉም ሰው ኬብል ይዘርጋ እያልኩ አይደለም። አከራይ ግድግዳ አታስበሱ ካለ፣ ወይም ራውተሩ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌላ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ አንቴናው በገመድ የሚሳብ ካርድ ይሻላል፤ ሳጥን መክፈት የሚፈራ ሰው ባለ አንቴናውን የዩኤስቢ አዳፕተር በማራዘሚያ ገመድ ይያዝ፤ በውጤት ብዙ አይራራቁም። ያም ካልሆነ ራውተሩን ራሱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ማስጠጋት አለ፤ እኛ እንኳ ያን ያላደረግነው የመስመሩ ገመድ አጭር ስለነበር ነው።

በሁለት ቤቶች መሀል በውጭ የተዘረጋ ኬብል አንድ ዕዳ አለው፤ መብረቅ። ክረምት ሲገባ ሰማዩ ሲያጉረመርም በሁለቱም ጫፍ እንድትነቅለው ነግሬያታለሁ። በዚያች ሰዓት ጥሪ ላይ ከሆነችም ያችን ጥፍር የምታህል አዳፕተር ከነማራዘሚያዋ መስኮቱ ደፍ ላይ ትቼላታለሁ።